ፊቱን ወደ መስኮቱ

ሰብሳቢው ሶፋው ላይ ከተቀመጠ ስብሰባ ተጀመረ ማለት ነው፤ ተሰብሳቢ ይኑርም አይኑርም። የሰፈሩን የጥበቃ ኮሚቴ የሚመራው እሱ፣ የወላጆችን ኮሚቴ የሚመራው እሱ፣ ለቧንቧ ጥገና የተቋቋመውንና ቧንቧው ከተጠገነ በኋላም አልፈርስም ያለውን ኮሚቴ የሚመራውም እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ሄዶ ወንበር ሲያቀርቡለት እንኳ ግራ ቀኙን ዓይቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በስሙ የሚጠራው የለም። ሚስቱ ሳትቀር፣ የተናደደች ቀን፣ "አንተ ሰብሳቢ" ነው የምትለው።

ታናሽ እህቱ ግን "ጋሼ" ትለዋለች። እሷን ደግሞ ሚጣ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ሕፃን ሳለች ነው፤ አሁን ሽበት ጣል ጣል አድርጎባታል፣ መነጽር ታደርጋለች፣ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ስሙ ግን አብሯት አላደገም። ለወንድሟ ሚጣ የምትናገረው ሁሉ የሚጣ ወሬ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ አይሰፍርም።

ሚጣ ከእናታቸው ጋር የምትኖረው ከሰብሳቢው ከተማ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ነው። እሁድ እሁድ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አሮጌ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ትከፍትና ሁለቱም የሰብሳቢውን ጥሪ ይጠብቃሉ። እናታቸው ሻሿን ታስተካክላለች፣ ጉንጯን በመዳፏ ፈተግ ፈተግ ታደርጋለች፣ ከዚያ፣

"በይ አንቺ ውጪልኝ" ትላለች። "ከልጄ ጋር የማወራው ለብቻዬ ነው።"

ሚጣ ትወጣለች። የምትወጣው ግን እስከ በሩ ነው፤ ከዚያ ሆና ስክሪኑን ታያለች።

ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያ የሚመጣው ሰማይ ነው። ወርቅ የመሰለ የምሽት ሰማይ፣ ግድግዳውን የሞላ ሰፊ መስኮት፣ ግራና ቀኙ ላይ እስከ ወለል የተንዠረገገ አዲስ መጋረጃ። መሃል ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተጎልቷል። ትከሻ አለው፣ ሁለት ጆሮ አለው፤ ፊት የለውም። ከምድጃ ላይ ወርዶ ያልታጠበ ድስት ይመስላል። ከድስቱ ውስጥ ድምፅ ይወጣል።

"እማዬ! እንዴት ከረምሽ? እታይሻለሁ?"

"እሺ ልጄ" ትላለች እናትየው።

"መጋረጃውን አየሽው? ሚስቴ ናት ያሠራችው።"

"እሺ ልጄ።"

"ስለ ኦፕሬሽኑስ? መቼም እምቢ አትይም አይደል?"

"እሺ ልጄ፣ እሺ።"

ሰብሳቢው ረክቶ ይሰናበታል። በማግስቱ ሚጣ ሥራ ላይ ሳለች ይደውልላታል።

"እሺ አለችኮ! በሙሉ ድምፅ ነው ያጸደቀችው! አንቺ ነሽ የማትወስጃት!"

ሚጣ ማታ ቤት ገብታ እናቷን ፊት ለፊት ተቀምጣ "ኦፕሬሽን ለመሆን እሺ ብለሻል አሉ" ስትላት፣ እናትየው ዓይኗን ታፈጣለች።

"ማን? እኔ? ለማን?"

ነገሩ እንዲህ ነው። እናትየው አንገት ላይ እንቅርት አለ። ለዓመታት ሻሿን ዝቅ አድርጋ ስትሸፍነው ኖራለች፤ አሁን ግን ወደ ውስጥ አድጎ የአየር ቧንቧዋን ተጭኗታል። ተጋድማ መተኛት አትችልም፤ ትራስ ተደራርቦላት ቁጭ ብላ ነው የምታንቀላፋው። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ይውጣ፣ ከዘገየ ያፍናታል፣ አልጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ይዤላችኋለሁ። እናትየው ደግሞ ለሐኪሙ የመለሰችው አንድ ነገር ነው።

"ትልቁ ልጄ ፊት ለፊት ይንገረኝ። ፊቱን ዓይቼ ነው የምወስነው።"

ምክንያት አላት። ባሏ ኦፕሬሽን ሊገባ ሲል እሷ ቤት ነበረች። ሰብሳቢው "ቀላል ነገር ነው፣ ምንም የሚያሰጋ የለም" ብሎ በስልክ አስነገራት፤ እሱ ራሱም አልሄደም፣ ስብሰባ ነበረበት። ሰውየው ገብቶ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመልእክተኛ የሚመጣን "ምንም አይደለም" ከደጇ አታስገባም።

ይኸኛው ችግር ላይ ደግሞ ሌላ አለ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ለእሷ የተነገረ ነው የሚመስለው። እናትየው አትሰማም። ወጣትነቷን የጨረሰችው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ በሽመና ማሽኖች መሃል ነው። እዚያ ማንም የማንንም ድምፅ አይሰማም፤ ሴቶቹ ከአንዱ ማሽን ማዶ ወደ ሌላው የሚያወሩት በከንፈር ነው፣ ሐሜቱም ሳቁም በከንፈር። ማሽኑ ጆሮዋን ቀስ በቀስ ወሰደው፤ ከንፈር ማንበቡን ግን ትቶላታል። ፊቱ ከታያት ማንንም ሰው ቃል በቃል ትከተላለች፣ መልስም ትሰጣለች፤ ብዙ ሰው መደንቆሯን ሳያውቅ ዘመኑን ጨርሷል።

ሰብሳቢውም አያውቅም። በልጅነቱ ከቤት ወጥቷል፤ ሊጠይቃት ሲመጣም ቢሆን የሚያወራው እሱ ብቻ ነው፣ ያውም እንደ ስብሰባ አዳራሽ ጮክ ብሎ። እሷ ዓይኗን ከአፉ አትነቅልም። እሱ ይኼን እንደ ትልቅ ቁም ነገር ለሰው ያወራል። "እናቴ ስናገር አፍ አፌን ነው የምታየኝ። እንዲህ የምትወድ እናት የት ትገኛለች!"

ሚጣ ግን ታውቃለች፣ አውቃም ምላለች።

"ለታላቅሽ ብትነግሪ አንቺን አያርገኝ" ብላታለች እናትየው። "ደንቆሮ መሆኔን የሰማ ቀን ከእኔ ጋር ማውራቱን ትቶ ስለ እኔ ማውራት ይጀምራል። ኮሚቴ ያቋቁምብኛል።"

ሚጣ መከራከሪያ አጣች። ያቋቁማል።

እንግዲህ የሚጣ ፈተና ይኼ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ሳትናገር፣ ያን ድስት ማጠብ።

መጀመሪያ በቀጥታ ሞከረች።

"ጋሼ፣ ፊትህ አይታይም።"

"ኔትወርክ ነው።"

"ኔትወርክ አይደለም፣ ጥቁር ነህ።"

"ሚጣ! ከተወለድኩ ጀምሮ ነው ጥቁር የሆንኩት።"

"እንደሱ አይደለም! ከመስኮቱ ተነስ ነው የምልህ።"

"ያንቺ ላፕቶፕ አርጅቶ ነው" አለና ነገሩን ዘጋው።

ሚጣ መጀመሪያ እሷም ላፕቶፑን ጠርጥራ ነበር። ስለዚህ እናቷ በተኛችበት አንድ ምሽት ብቻዋን ፈተነችው። ጀርባዋን ለመስኮት ሰጥታ ተቀመጠች፤ ስክሪኑ ላይ ወንድሟን ሆነች፣ ሁለት ጆሮ ያለው ከሰል። ወንበሯን አዙራ ፊቷን ወደ መስኮቱ ስታደርግ መጨማደዷ ሳይቀር ወጣ። ደጋግማ ዞረች፤ ደጋግሞ ያው ነው። ካሜራ ሞኝ ነገር ነው። ከፊቱ አንድ በጣም የሚያበራ ነገር ካገኘ ለእሱ ብሎ ሥዕሉን በሙሉ ያጨልማል፤ መስኮቱን ሊያተርፍ ሲል ሰውየውን ይሠዋል። ካሜራው እንዲያያት ብርሃኑ ከጀርባዋ ሳይሆን ከካሜራው ጀርባ መምጣት አለበት። በቃ። ይኼ ሁሉ ሳይንስ አንድ ወንበር ማዞር ነው።

ግን ያ ወንበር የሰብሳቢው ሶፋ ነው። ሶፋው መስኮቱ ሥር ነው፤ ካሜራው ማዶ ግድግዳ ላይ ካለው ትልቅ ቴሌቪዥን አናት ተሰክቷል። ሶፋው እዚያ የሆነው የቤቱ አባወራ ቦታ እዚያ ስለሆነ ነው፤ መጋረጃው እንዲታይ የተፈለገው ደግሞ የወንድሟ ሚስት መጋረጃውን ስላሠራች ነው። ከዚያ ላይ ሰብሳቢውን ማስነሳት ከየትኛውም ኮሚቴ እሱን ከማስነሳት ይብሳል፤ ከኮሚቴውም የተነሳ ጊዜ የለም።

በሚቀጥለው እሁድ ሰብሳቢው ለ"ኔትወርኩ" መፍትሔ ይዞ መጣ። ክብ መብራት ገዝቷል፤ ወጣቶች ቪዲዮ ሲቀረጹ ፊታቸው የሚገትሩትን፣ ቀለበት የመሰለውን። ከቴሌቪዥኑ ጎን አቆመው። መስኮቱ ግን እዚያው ከኋላው ነው፣ ፀሐይዋም እዚያው ናት። ፀሐይን በቀለበት ማን አሸንፎ ያውቃል? ፊቱ ከከሰልነት ወደ አመድነት ተሻሻለ፤ በመነጽሩ ላይ ግን ሁለት ክብ ነጭ ነገሮች በሩ።

እናትየው አንገቷን አሰገገች፤ ከዚያ ዞር ብላ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሚጣ ተመለከተች።

"ዓይኑን ምን ነክቶት ነው?" አለች፣ ሹክሹክታ መስሏት ጮክ ብላ። "ሁለት ጨረቃ ወጥቶበታል።"

"ጥራት ነው እማዬ!" አለ ድስቱ። "ጥራት!"

በቀጣዩ እሁድ ሚጣ "ከኋላህ ያለውን ዝጋው" ስትለው ወፍራሙን መጋረጃ ዘግቶ የጣሪያውን ባለ ብዙ አምፖል መብራት አበራ። አሁን ፊት አገኘ፤ የማን ፊት እንደሆነ እንጃ። ከአናቱ የሚወርደው ብርሃን ግንባሩን ሲያበራው ዓይኖቹ የነበሩበት ሁለት ጉድጓድ ሆነ፤ የአፍንጫው ጥላ በጺሙ ላይ፣ የጺሙ ጥላ በከንፈሩ ላይ ወደቀ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ጺም ጺምን ሲያኝክ ነው የሚመስለው።

"እሺ ልጄ" አለች እናትየው፣ ተስፋ ቆርጣ።

ያን ሌሊት ሁለት ጊዜ ትንፋሽ አጥሯት ነቃች። ሚጣ ጀርባዋን ደግፋ ይዛ "እማዬ፣ እኔ ልንገርሽ፣ እሱ ያለው ቃል በቃል ይኼ ነው" አለቻት። እናትየው እስኪለቃት ጠብቃ ራሷን ነቀነቀች።

"አንቺ የነገርሽኝን አምናለሁ። እሱ የተናገረውን ነው የማላምነው። ፊቱን አሳዪኝ።"

ወሩ እያለቀ ነበር። ሚጣ ለወንድሟ ደወለች።

"ጋሼ፣ ለምን ራስህ አትመጣም? እየባሰባት ነው።"

"ሚጣ፣ የኮሚቴው ሥራ መሃል ላይ ነው። ደግሞ ካሜራ እያለ መንገድ ምን ያደርጋል? ዘመኑን አትቀድሚው፣ ግን ተከተዪው።"

ስልኩን ዘግታ ቁጭ አለች። ወንድሟን በእውነት አሸንፋው አታውቅም። እሱን ከቦታው የሚያስነሳው ምንድን ነው ብላ አሰበች፤ መልሱ ሩቅ አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው።

በማግስቱ መልሳ ደወለችለት፣ ድምፅዋን አለስልሳ።

"ጋሼ፣ እማዬ ስለ ምስክር ወረቀቶችህ ጠየቀችኝ።"

"የትኞቹ?"

"ግድግዳው ላይ የነበሩት። በመስታወት ያሉት። ሁልጊዜ መጋረጃ ብቻ ነው የማየው፣ ልጄ ምስክር ወረቀቶቹን አወረዳቸው እንዴ አለች።"

"አወረዳቸው?! ቴሌቪዥኑ ዙሪያ ናቸውኮ!"

"አይታዩማ። ካሜራው ያለው እነሱ ላይ ነው፣ እንዴት አድርጎ ያሳያቸዋል? ቴሌቪዥኑን ትተህ፣ የራስህን ላፕቶፕ ወደ መስኮቱ ወስደህ፣ ጀርባህን ለእነሱ ካልሰጠህ በቀር።"

"ሁሉንም? የሽልማት ዋንጫውንም?"

"ዋንጫውንማ በተለይ።"

በሚቀጥለው እሁድ ሰብሳቢው የቤቱን ዕቃ እንደ ጦር ሰፈር አንቀሳቀሰው። ጥሪው የገባው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ ሚጣ በሩ ላይ ሆና የምታየው ወደ መስኮቱ እየተጠጋ ያለ ጣሪያ ነበር። ላፕቶፑ ከመስኮቱ ሥር ባለች ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ወንድሟ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ስክሪኑን የሞላው አገጩና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳው ናቸው።

"ከፍ አድርገው ጋሼ! ዋንጫው አልታየም!"

"ምን ላይ ላድርገው?"

የወንድሟ ሚስት ድምፅ ከጀርባ መጣ። "እነዚያ የኮሚቴ መዝገቦችህ አሉ አይደል? አንድ ጊዜ እንኳ ይጥቀሙ።"

ዶሴዎቹ ተደረደሩ፤ ላፕቶፑ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ዓይኑ ትይዩ ደረሰ። አሁን ደግሞ ፀሐይዋ ከላፕቶፑ በላይ ተሻግራ ፊቱ ላይ በቀጥታ ወደቀች። ግማሽ ፊቱ ነጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ተኮማተረ።

"አቃጠለኝ! ወደ ቦታዬ ልመለስ፣ ይኼ ነገር..."

"እትዬ!" ብላ ሚጣ ጮኸች። "ስሱን መጋረጃ! ነጩን!"

የወንድሟ ሚስት ስሱን መጋረጃ ሳበችው። ብርሃኑ ተጣርቶ፣ ለስልሶ ገባ። የሰብሳቢው ፊት ተዘረጋ። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ሳይቀር፣ ከጺሙ ሥር ደረቅ ያለው ከንፈሩ ሳይቀር፣ ዓይኑ ሥር ያበጠው ሁሉ ሳይቀር ታየ።

"ይኸው መጋረጃዬ ለቁም ነገር ዋለ" አለች ሚስቱ። "ባይታይም።"

እናትየው ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ፊቱን ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

"አርጅተሃል" አለችው።

ሰብሳቢው ደነገጠ። "ምስክር ወረቀቶቹ ይታያሉ?"

"አንተ ትታያለህ። ተናገር።"

ተናገረ። መናገርማ ያውቃል። በመግቢያ ጀመረ፤ የእናት ክብር፣ የሕክምና እድገት፣ የጤና ጥቅም። ሚጣ በሩ ላይ እግሯን ታነሳ ትጥል ነበር፤ ብርሃኑ እየሄደ ነው። እንዲህ ያለ ብርሃን ለመግቢያ የሚበቃ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍል ወርቃማ የነበረው ፊት በሁለተኛው ክፍል ሰማያዊ ሆነ፤ ስክሪኑም አሸዋ እንደተበተነበት ፍርፍር ማለት ጀመረ።

"እትዬ፣ መብራት! የጣሪያውን አይደለም! የጠረጴዛውን! ከላፕቶፑ ጀርባ አድርጊና ወደ ግድግዳው አዙሪው፣ ፊቱ ላይ ቀጥታ አይሁን!"

የልጆቹ ማጥኛ መብራት መጣ። ከላፕቶፑ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ጎን ያለው ነጭ ግድግዳ ላይ በርቶ ብርሃኑ ተመልሶ ፊቱ ላይ አረፈ፤ መነጽሩ ላይ ጨረቃ አልወጣም። ሰብሳቢው አፉን ሳይዘጋ መግለጫውን ቀጥሎ ነበር።

"...በመሆኑም፣ እማዬ፣ ቀላል ነገር ነው። ምንም የሚያሰጋ የለም። እኔ ቅንጣት ታህል አልፈራሁም።"

እናትየው ያን "ቀላል ነገር ነው" ከከንፈሩ ላይ ስታነብ ፊቷ እንደ በር ተዘጋ። ባሏን የወሰደው ቃል ነው።

"አልገባም" አለች።

ሰብሳቢው እጁን ዘረጋ፤ የሆነ ነገር ተጫነ። ድምፁ ጠፋ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የማይክሮፎኑ ምልክት ቀይ ሆነ። ፊቱን ወደ ጎን እንኳ ሳያዞር፣ ዓይኑን ብቻ ወደ ሚስቱ ወርወር አድርጎ፣ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ድምፅ የለም። አወራ፣ አወራ፣ እጁን አወናጨፈ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ እንደገና አወራ። ማይኩን የዘጋ ሰው ቤቱን የዘጋ ይመስለዋል።

ሚጣ ምንም አልሰማችም። ግን የእናቷን ጀርባ አየች፤ ወንበሯ ላይ ቀጥ ብሏል፣ አንገቷ ወደ ፊት ተሰግጓል፣ ልክ ከማሽን ማዶ ያለችን ሴት ወሬ እንደምትከተል።

ሰብሳቢው ማይኩን ከፈተ። ጉሮሮውን ጠረገ። ፈገግ አለ።

"ይቅርታ እማዬ፣ ኔትወርክ ነበር።"

"ግትር አሮጊት ያልከውን አይቻለሁ" አለችው እናቱ።

ፈገግታው ተንጠልጥሎ ቀረ።

"በቅሎም ብለኸኛል። በቅሎዋን ይቅር ብዬሃለሁ፣ የአባትህ አክስትም እንደዛ ትለኝ ነበር። ከዚያ ግን ምን አልክ? 'ፈርቻለሁ' አልክ። 'ግቢ ብያት እንደ አባቴ ብትቀርብኝስ፣ በምን ዓይኔ ሚጣን አያታለሁ' አልክ። 'ሌሊት እንቅልፍ የለኝም' አልክ።"

ሰብሳቢው የቀይ ምልክቱን ቦታ አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ላፕቶፑን አነሳና ሥሩን አየ።

"ማይኩ ጠፍቶ ነበርኮ! እንዴት ሰማሽው?"

"ሰምቼህ አላውቅም" አለች እናትየው። "ፋብሪካው ከጨረሰኝ ወዲህ ማንንም ሰምቼ አላውቅም። የማየው አፍህን ነው። ይኼን ሁሉ እሁድ ግን አፍህን አላገኘሁትም። ሰማይና መጋረጃ ነው ያዋራኝ።"

ከማዶ የሚስቱ ድምፅ መጣ፣ በቀስታ። "ወይኔ ጉዴ። ያኔ ለዓውደ ዓመት ሄደን፣ ወጥ ቤት ሆኜ ስለ እሳቸው ያልኩት..."

"እሱንም አይቻለሁ ልጄ" አለች እናትየው፣ ያቺም ብቅ ብላ ብርሃኑ ውስጥ ገብታ ስለነበር። "ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ልክ ነበርሽ።"

ማንም አልሳቀም። ሰብሳቢው መነጽሩን በእጁ እንደያዘ ነው። ያለ መነጽር፣ ያለ መግቢያ፣ ዋንጫው ከጆሮው ጀርባ በቅሎ፣ የሆነ ልጅ መሰለ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"አንተስ ለምን አላየኸኝም?"

ሰብሳቢው መነጽሩን በሸሚዙ ጠራረገ።

"አባትህ ሲገባ አልፈራህም ነበር" አለች እናትየው። "ስላልፈራህ አልመጣህም። አሁን ፈርተሃል። የፈራ ሰው ይመጣል። መጥተህ በሩ ላይ ከቆምክ እገባለሁ።"

"የፊታችን ረቡዕ የቧንቧው ኮሚቴ..." ብሎ ጀመረ ሰብሳቢው። ልማድ ነው።

ሚስቱ ከጎኑ መጥታ ማይኩን ዘጋችው። የተናገረችው አንድ አጭር ነገር ነው። እናትየው አንብባ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች፤ ሚጣ ሮጣ ገብታ ጀርባዋን ያዘቻት። ምን እንዳለችው ስትጠይቃት እናትየው "ለልጅ የሚነገር አይደለም" አለቻት።

ሰብሳቢው መጣ። የሌሊት አውቶቡስ ይዞ፣ ሱፉ ተጨማዶ፣ እግሩ አብጦ መጣ። እናትየው ወደ ኦፕሬሽን ክፍሉ ስትገባ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ነርሷ "አባት፣ ዘወር በሉ እንጂ" ብላ እስክትገፋው። "ምንም አይደለም" አላለም። እናቱ ካልጋው ሆና ፊቱን መረመረችው፣ ያሰበችውን አገኘች መሰለኝ፣ ዓይኗን ጨፍና ገባች።

ወጣችም። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ድምፅዋ ሻክሮ ወጣች። ሐኪሙ ለጊዜው እንዳትናገር አዘዘ። ሚጣ ሾርባ ይገኝ እንደሆነ ለመጠየቅ ወጣ ብላ ስትመለስ ወንድሟ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ወንበሩን የት እንዳደረገው ስታይ ሳትፈልግ ተነፈሰች። መስኮቱ ሥር ነው። ጀርባውን ሰጥቶ። የምሽቱ ፀሐይ በሙሉ ከኋላው ነው፤ ድስቱ ተመልሷል።

እናትየው ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

"ምን አለች?" አለ ሰብሳቢው። "ሚጣ፣ ምን አለች?"

"ራስህ እየው።"

"እኔ እንዴት አድርጌ?"

"እንደ እሷ። አፍ አፏን እያት።"

ጎንበስ አለ። እናትየው ደግማ አንቀሳቀሰች። ጨነቀው፤ በሕይወቱ የማንንም ሰው አፍ እንዲህ ጠብቆ አያውቅም፣ ሰው ሲናገር እሱ ቀጥሎ የሚለውን ነው የሚያዘጋጀው። እናትየው ተስፋ ቆርጣ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና በአየር ላይ አዞረችው። ዙር፣ ዙር።

ገባው። ተነሳ። ወንበሩን አንስቶ አልጋውን ዞሮ፣ የግሉኮስ መስቀያውን ገጭቶ፣ ይቅርታ ጠይቆት፣ ማዶ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ አረፈች። ዓይኑን አጨናበሰው፤ አልተንቀሳቀሰም።

እናትየው ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የታችኛው ከንፈሯ በላይኛው ጥርሷ ሥር ገባ ብሎ ወጣ፤ አንድ አጭር ቃል ነበር። ሰብሳቢው በራሱ ከንፈር ሞከረው፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

"ፈሪ" አለ። "ፈሪ ነው ያልሽኝ?"

እናትየው ሳቋን አፍና አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች። ሰብሳቢው ወደ ሚጣ ዞረ፣ በዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ የልጅ ደስታ ፊቱ ላይ በርቶ።

"አነበብኩ!" አለ። "ሚጣ፣ አየሽ? በመጀመሪያው ነው ያነበብኩት!"

"በሦስተኛው ነው" አለች ሚጣ።